ስካን ካለቀ በኋላ የሚጀመረው ሥራ

ዲሽ ሠሪው ሰሃኑን አስተካክሎ፣ ሪሲቨሩን ስካን አስደርጎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሲወጣ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስላል። ሪሞቱን የሚያነሳው ሰው ግን ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። ዝርዝሩ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስሞች ተደርድረዋል። የሚፈልገው የዜና ጣቢያ በ3 ወይም በ4 ቁጥር ላይ ሳይሆን ከ280 በኋላ ተቀምጧል፤ አንዱ ጣቢያ ሁለት ቦታ ተመዝግቦ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ጥቁር ስክሪን ያሳያል፤ በመካከል ደግሞ የዶላር ምልክት ያለባቸው የክፍያ ቻናሎችና ስማቸው ትርጉም የማይሰጥ የመሞከሪያ ጣቢያዎች አሉ። ብዙ ቤት በዚህ ሁኔታ ለዓመታት ይኖራል። የሚፈለገው ቻናል ቁጥር በቃል ይያዛል፣ ወይም በወረቀት ተጽፎ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይለጠፋል።

ዝርዝሩ እንዲህ የተዘበራረቀው ሪሲቨሩ ስለተበላሸ አይደለም። ስካን ሲደረግ መሣሪያው የሳተላይቱን ፍሪኩዌንሲዎች አንድ በአንድ ይፈትሻል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ሳይሆን አሥርና ከዚያም በላይ ቻናሎች አብረው ይሰራጫሉ። ሪሲቨሩም ባገኛቸው ቅደም ተከተል ይመዘግባቸዋል፤ የመጀመሪያው ፍሪኩዌንሲ ላይ የተጫኑት ከላይ፣ የመጨረሻው ላይ ያሉት ከታች ይሆናሉ። ስማቸውንም ራሱ አያወጣም። ስሙ ከምስሉና ከድምፁ ጋር አብሮ በስርጭቱ ውስጥ ይመጣል፤ አሠራጩ `Test 4` ብሎ ከላከው ሪሲቨሩም `Test 4` ብሎ ይጽፈዋል።

ከዚህ በኋላ ተጠቃሚው የሚያደርገው ማንኛውም ለውጥ፣ ማሰለፍም ሆነ መደበቅ፣ ስም መቀየርም ሆነ መቆለፍ፣ የሚቀመጠው በሪሲቨሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ ነው። ሳተላይቱም ጣቢያውም ስለ ለውጡ የሚያውቁት ነገር የለም። ስለዚህ አዲስ ስካን ሲደረግ ሪሲቨሩ እንደገና የሚያዳምጠው ከሰማይ የሚመጣውን ነው። ለሰዓታት የተለፋበት ዝርዝር በአንድ ስካን ሊፈርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ሳተላይት ያለበት ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን ዓይነት ቤት እንውሰድ። ጣሪያው ላይ ሁለት ሰሃን አለ። አንዱ ወደ ምዕራብ ዞሮ የዓረብኛና የፊልም ቻናሎች የሚበዙበትን ናይልሳትን ይቀበላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ዞሮ በ57 ዲግሪ ላይ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የተሰባሰቡበትን ኢትዮሳትን ይቀበላል። ሁለቱም በአንድ ማቀያየሪያ በኩል ወደ አንድ ሪሲቨር ይገባሉ። በቤቱ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ቻናል የሚከታተሉ አያት፣ ዜና የሚያዩ አባትና እናት፣ እንዲሁም ኤምቢሲ 3 ላይ የልጆች ፊልም የሚያዩ ሁለት ልጆች አሉ።

የዚህ ቤት ዝርዝር ከሌሎች የበለጠ የተዘበራረቀበት አንድ ምክንያት አለ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት ይታዩ የነበረው በናይልሳት አቅጣጫ ነበር። ወደ 57 ዲግሪ ሲዛወሩ የድሮው ፍሪኩዌንሲ ምዝገባ ከሪሲቨሩ ውስጥ በራሱ አልጠፋም። ብዙ ሪሲቨሮች አዲስ ያገኙትን ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይጨምራሉ እንጂ አሮጌውን አያነሡም። በዚህም የተነሣ አንድ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ከላይ ያለው የሞተው፣ ከታች ያለው የሚሠራው ይሆናል። አያት ቻናላቸው «ጠፍቷል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የከፈቱት ከላይ ያለውን ነው።

ስካኑ ራሱ ላይ የሚቀንስ ሥራ

ዝርዝሩን ለማጽዳት ቀላሉ መንገድ ቆሻሻውን መጀመሪያውኑ አለማስገባት ነው። አብዛኛው ሪሲቨር ከስካን በፊት ሁለት ምርጫ ያቀርባል። የመጀመሪያው ሁሉም ቻናል ይፈለግ ወይስ ነፃ የሆኑት ብቻ የሚል ሲሆን፣ ስክሪኑ ላይ ብዙ ጊዜ `FTA Only` ተብሎ ይታያል። የክፍያ ካርድ የሌለው ቤት ይህን ቢያበራ የዶላር ምልክት ያለባቸው ቻናሎች ከነጭራሹ አይገቡም። ሁለተኛው `Network Search` ነው። ይህ ሲበራ ሪሲቨሩ ያገኘው ፍሪኩዌንሲ ስለ ሌሎች ፍሪኩዌንሲዎች የሚሰጠውን ጥቆማ ተከትሎ ፍለጋውን ያሰፋል። አንድ ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ ሲቀይር ለመፈለግ የሚፈለገው ግን ያንን ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው፤ ስለዚህ `Network Search` ጠፍቶ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቻ ስካን ማድረግ የቀረውን ዝርዝር ሳይነኩ አዲሱን ቻናል ለማስገባት ይበቃል። ሙሉውን ሳተላይት እንደገና መስካን የሚያስፈልገው ዝርዝሩ ከመሠረቱ ሲበላሽ ነው።

ሌላው ጉዳይ የአየሩ ሁኔታ ነው። ኢትዮሳትም ናይልሳትም የሚጠቀሙበት የፍሪኩዌንሲ ክልል በከባድ ዝናብ ይዳከማል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዶፍ እየወረደ የተደረገ ስካን ደካማዎቹን ፍሪኩዌንሲዎች ሊዘላቸው ይችላል። ባለቤቱ ጥቂት ቻናል ሲያገኝ ሰሃኑ ተንቀሳቅሷል ብሎ ዲሽ ሠሪ ይጠራል፤ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ግን ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር።

መሰረዝና መደበቅ አንድ አይደሉም

ወደ ዝርዝሩ ማስተካከያ የሚገባው ከዋናው ሜኑ `Edit Channel` ወይም ተመሳሳይ ስም ባለው ክፍል ነው። ለመሰረዝ፣ ለመዝለል፣ ለማንቀሳቀስና ለመቆለፍ የሚያገለግሉት ቁልፎች ስክሪኑ ግርጌ ላይ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በሰማያዊ ቀለም ተጽፈው ይታያሉ፤ የትኛው ቀለም ምን እንደሚሠራ ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

የተሰረዘ ቻናል ከማኅደሩ ይወጣል፤ ለመመለስ እንደገና ስካን ያስፈልጋል። የተደበቀ ቻናል ግን በቦታው አለ። ብዙ ሪሲቨሮች ይህን `Skip` ይሉታል፤ ተመልካቹ ቻናሎቹን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እያለፈ ሲሄድ ሪሲቨሩ ያንን ቻናል ይዘለዋል፣ ቁጥሩን በቀጥታ ለሚጽፍ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ስለዚህ መደበቅ ልጅን ከአንድ ቻናል ለመጠበቅ አይሆንም፤ ጥቅሙ መንገድ ላይ የሚያደናቅፈውን ማንሣት ነው። በእርግጠኝነት የማይፈለግ ነገር፣ ለምሳሌ ስም የሌለው የመሞከሪያ ቻናል ወይም ድግግሞሽ፣ ይሰረዝ። አንድ ቀን ሊፈለግ የሚችለው፣ ለምሳሌ በሌላ ቋንቋ የሚሠራ የስፖርት ጣቢያ፣ ይደበቅ።

ከመሰረዝ በፊት ቻናሉ በእርግጥ መሞቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሪሞቱ ላይ `Info` ሲጫኑ የቻናሉ ፍሪኩዌንሲና የሲግናሉ ጥራት ይወጣል። ከዚያ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ ሌሎች ቻናሎችን መሞከር ይገባል። ሌሎቹ የሚሠሩ ከሆነ ያ አንዱ ቻናል ከዚያ ቦታ ወጥቷል፤ መሰረዝ ይቻላል። ሁሉም ከጠፉ ግን ጥፋቱ የቻናሉ ሳይሆን የፍሪኩዌንሲው ወይም የመስመሩ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ሳተላይት የሚመጣው ሁሉ ከጠፋ ደግሞ የሚጠረጠረው ኬብሉ፣ ማቀያየሪያው ወይም ሰሃኑ ነው። በዚህ ጊዜ «ሞተዋል» ብሎ መሰረዝ ጤነኛውን ዝርዝር ማጥፋት ይሆናል።

በምሳሌያችን ቤት በናይልሳት ሥር የተመዘገበው የድሮው የኢትዮጵያ ጣቢያ ጥራቱ ዜሮ ነው፤ በኢትዮሳት ሥር ያለው ይሠራል። የላይኛው ይሰረዛል፤ አያትም ከዚያ በኋላ የሚያገኙት አንዱን ብቻ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ብዙ ሪሲቨሮች ለውጡን የሚያስቀምጡት ከማስተካከያው ክፍል ሲወጡና «ይቀመጥ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ሲያጸድቁ ነው። መቶ ቻናል አርመው ሳይወጡ መብራት ከጠፋ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሃያ ሃያ እያረሙ መውጣትና መቀመጡን ማየት ይሻላል።

ማሰለፍ፦ ጉልበት የሚጨርሰውና የሚቆጥበው መንገድ

ለማሰለፍ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው `Sort` ነው፤ ሪሲቨሩ በፊደል ተራ፣ በፍሪኩዌንሲ ወይም ነፃ የሆኑትን አስቀድሞ ራሱ ይደረድራል። ፈጣን ነው፣ ነገር ግን የቤቱን ፍላጎት አያውቅም። ከዚህም በላይ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ የተደረደረው ለዕይታ ብቻ ነው፤ የቻናሉ ቁጥር እንደነበረ ይቆያል። ለማወቅ ከዝርዝሩ ወጥቶ፣ ሪሲቨሩን አጥፍቶ አብርቶ፣ 1 ቁጥርን ተጭኖ የሚመጣውን ማየት ነው።

ሁለተኛው `Move` ነው። ቻናሉ ተመርጦ ወደሚፈለገው ቁጥር ይወሰዳል፤ በቦታው የነበረውና ከሱ በታች ያሉት አንድ አንድ ይወርዳሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚወዳቸውን አምስት ቻናሎች አንድ በአንድ ወደ 1 ቁጥር ይወስዳል፤ ሲጨርስ ግን ተራው ተገልብጦ ያገኘዋል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ አዲስ የገባ ከሱ በፊት የገባውን ወደ ታች ገፍቶታል። መፍትሔው የመጀመሪያውን ወደ 1፣ ሁለተኛውን ወደ 2፣ ሦስተኛውን ወደ 3 እያሉ መሄድ ነው። አለበለዚያ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ 1 ማምጣት ይቻላል። ብዙ ቻናሎች አንድ ላይ ምልክት አድርጎ በአንዴ ማንቀሳቀስ የሚፈቅዱ ሞዴሎችም አሉ።

ሦስተኛው መንገድ ዝርዝሩን ጨርሶ አይነካም። ሪሞቱ ላይ `FAV` የሚል ቁልፍ አለ፤ በእሱ የተመረጡ ቻናሎች በየምድባቸው ይቀመጣሉ። ብዙ ሪሲቨር ከአንድ በላይ ምድብ ስላለው ዜና፣ ፊልም፣ ልጆች እያሉ መክፈል ይቻላል፤ የምድቡንም ስም መቀየር ይፈቀዳል። አንድ ቻናል በሁለት ምድብ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በዋናው ዝርዝር ላይ ያለው ቦታ ግን አይለወጥም።

ለምሳሌው ቤት የሚስማማው ሁለቱን ማዋሐድ ነው። ሁሉም የሚያያቸው ሰባት ስምንት የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ`Move` ከ1 ጀምሮ ይሰለፋሉ፤ አያት የሚያስታውሱት ቁጥር ስለሆነ ቻናላቸው 1 ላይ ይቀመጣል። ልጆቹ ደግሞ ኤምቢሲ 3ንና ሌሎች የልጆች ቻናሎችን የያዘ አንድ ምድብ በ`FAV` ይሰጣቸዋል። የቀረው በመቶ የሚቆጠር ቻናል ባለበት ይቀራል፤ ማንም ሊያስተካክለው አይደክምም።

ለዚህ ቤት ከ`Sort` ይልቅ `FAV` የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ፍሪኩዌንሲ ስካን ተደርጎ አዲስ ቻናል ሲገባ ዋናው ዝርዝር ከመጨረሻው ይረዝማል እንጂ ምድቦቹ አይነኩም። ይህ ግን ሙሉው ሳተላይት ተሰርዞ ካልተሰካነ ነው።

ስም መቀየር፣ በላቲን ፊደል

ከስርጭቱ የመጣው ስም ብዙ ጊዜ ለአያት አይመችም። `Rename` የሚለው ምርጫ ስክሪኑ ላይ የፊደል ሰሌዳ ያመጣል፤ በአብዛኛው ሪሲቨር ላይ ይህ ሰሌዳ የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ያለው ነው፣ ስለዚህ በፊደላችን መጻፍ አይቻልም። ቢሆንም አጭርና የሚለይ ስም ማድረግ ይጠቅማል፤ የሁለቱን ሳተላይት ተመሳሳይ ቻናሎች ለመለየት ከስሙ ኋላ አንድ ፊደል መጨመርም ይቻላል።

ስምን ለማሰለፊያ መጠቀምም ይቻላል። ከስሙ በፊት ቁጥር ሲጻፍ `Sort` በፊደል ተራ ሲደረግ ቁጥር የያዙት ከፊደሎቹ በፊት ይመጣሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ሪሲቨሩ ቁጥሩን የሚያነበው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ፊደል ተከታታይ መሆኑ ነው። 1፣ 2፣ 10 ተብለው ከተጻፉ 10 ከ2 በፊት ይቀመጣል። ዜሮ ጨምሮ እንዲህ መጻፍ ነው፦

```
01 EOTC
02 ETV
03 EBS
10 MBC 3
```

በዚህ መንገድ ለአሥራ አምስት ቻናል ስም መቀየር አሥራ አምስት ጊዜ `Move` ከማድረግ ሊቀል ይችላል፤ በተለይ ዝርዝሩ እንደገና ቢበታተን አንድ ጊዜ `Sort` ማድረግ ተራውን ይመልሳል። ገደብም አለው፤ ቻናሉ ከተሰረዘና እንደገና ከተሰካነ የሚመጣው የጣቢያው የራሱ ስም ነው። ስሙን ከስርጭቱ እየተከተለ የሚያድስ ሪሲቨርም አለ፤ ይህ ከሆነ የተቀየረው ስም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

መቆለፍ፣ ከነክፍተቱ

ቁልፍ በሁለት ደረጃ ይሠራል፤ ብዙ ወላጅ አንዱን ብቻ አድርጎ ያልፋል። በማስተካከያው ክፍል ቻናሉ ላይ የቁልፍ ምልክት ይደረጋል። ይህ ግን በብዙ ሞዴሎች ብቻውን በቂ አይደለም፤ በወላጅ ቁጥጥር ሜኑ ውስጥ `Channel Lock` የሚለው መብራት አለበት። ሳይበራ የቀረ እንደሆነ ምልክቱ ይታያል፣ ቻናሉ ግን ያለ ምሥጢር ቁጥር ይከፈታል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሪሲቨሩን አጥፍቶ አብርቶ የተቆለፈውን ቻናል መክፈት።

የምሥጢር ቁጥሩ ከፋብሪካ ሲወጣ በብዙ ሪሲቨር 0000 ነው፤ በአንዳንዱ 1234። ልጆች ይህን ከትልልቆች ቀድመው ያውቃሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መቀየር ያለበት ቁጥሩ ነው፤ አዲሱም ለወላጆች ብቻ በሚታወቅ ቦታ ይጻፍ፣ የተረሳ ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መመለስን ስለሚያመጣና በዚያም ዝርዝሩ ሁሉ ስለሚጠፋ።

ትልቁ ክፍተት ስካን ነው። ቁልፉ የተደረገው ለአንድ ምዝገባ ነው። ልጁ ወይም ጎረቤት ሰፊ ስካን ቢያደርግ ያው ቻናል እንደገና ገብቶ ያልተቆለፈ ቅጂ ሊፈጠር ይችላል፤ ቻናሉ በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሰራጭ ከሆነም አንዱን መቆለፍ ሌላውን አይዘጋም። ለዚህ የሚጠቅመው `Menu Lock` ነው፤ የስካንና የፋብሪካ ሁኔታን የመመለስ ክፍሎች በምሥጢር ቁጥር ይዘጋሉ። በምሳሌው ቤት ወላጆቹ ማታ ለልጅ የማይሆኑ ፊልሞች የሚወጡባቸውን ሁለት የፊልም ቻናሎች ይቆልፋሉ፣ ሜኑውንም ይዘጋሉ። ሪሲቨሩ ላይ የተደረገ ቁልፍ የሚሠራው ለሪሲቨሩ ብቻ መሆኑ ግን አይዘነጋ፤ ቴሌቪዥኑ የራሱ የሳተላይት መቀበያ ካለውና ኬብሉ ወደሱ ከተዞረ ሁሉም ክፍት ነው።

ሥራውን ወደ ፍላሽ መገልበጥ

የተስተካከለውን ዝርዝር በዩኤስቢ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ የሚቻልባቸው ሪሲቨሮች ብዙ ናቸው። በሜኑው ውስጥ `Backup` ወይም `Upgrade by USB` በሚል ክፍል ሥር ይገኛል፤ ፍላሹ በ`FAT32` ፎርማት የተደረገ ቢሆን ይመረጣል። ምርጫ ሲቀርብ የተጠቃሚውን ዳታ ወይም የቻናል ዝርዝሩን ብቻ የሚለውን መውሰድ ይገባል። ሙሉ ሶፍትዌሩን ከነዝርዝሩ የሚገለብጥ ሌላ ምርጫም አለ፤ ያ ፋይል በሌላ ሞዴል ላይ ከተጫነ ሪሲቨሩን ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ከጓደኛ የመጣ ፋይል መጫን ያለበት ሪሲቨሩ ተመሳሳይ ሞዴልና ተመሳሳይ የሶፍትዌር ስሪት ሲኖረው ብቻ ነው፤ የሁለቱ ቤቶች ሰሃኖች ወደ ማቀያየሪያው የገቡበት ተራም አንድ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ቻናሎቹ ዝርዝሩ ላይ ይታያሉ እንጂ አይከፈቱም።

ሪሲቨር ሳይሆን በራሱ ሳተላይት የሚቀበል ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሥራውን ኮምፒውተር ላይ መጨረስ ይችላል። ሳምሰንግና ኤልጂን ጨምሮ ብዙ ቴሌቪዥኖች ዝርዝሩን ወደ ፍላሽ ያወጣሉ፤ `ChanSort` የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ በማውስ ለማሰለፍ፣ ለመደበቅና ስም ለመቀየር ያስችላል። ከዚያ ፋይሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ በቴሌቪዥኑ ላይ ራሱን የሚያድስ የቻናል ማስተካከያ ካለ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ማታ ተኝተው ሳለ አሰላለፉን ሊቀይረው ይችላል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ ቀይሯል ተብሎ ዲሽ ሠሪ ከመጠራቱ በፊት ዝርዝሩን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ ሠሪው ሲመጣም ሙሉውን ሳተላይት ሳይሆን የተቀየረውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ ስካን እንዲያደርግ ይጠይቁት።